ከተሞክሮዬ፦ «የደም ግፊት»ን ላለመድገም ስል የሠራኋቸው ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የጤና ድረ ገጽ ስለ ደም ግፊት ረጅም ጽሑፍ ጻፍኩ። 2,500 ቃል ገደማ ነበር። ጨርሼ ሳነበው «የደም ግፊት» በየመስመሩ ብቅ ይላል፤ እኔኑ አሰለቸኝ። ተማሪ ሳለን በአንድ አንቀጽ ውስጥ አንድ ቃል ከደጋገምን በቀይ ይሰመርብን ነበርና ያ ቀይ ብዕር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። በሌላ በኩል ጽሑፉን በጎግል የሚያስገኘው ይኸው ቃል ነው ብዬ ስለማምን ለመንካት ፈራሁ። ሁለቱ ፍርሃቶች ተጋግዘው ብዙ አበላሽተውብኛል።

1. ስቆጥረው የነበረው መቶኛ የለም።

ከመቶ ቃል ሁለቱ ቁልፍ ቃሉ መሆን አለባቸው የሚል ነገር ከማን እንደሰማሁ እንኳ አላስታውስም። ግን ካልኩሌተር ይዤ እቆጥር ነበር፤ ሲጎድል እጨምራለሁ፣ ሲበዛ እሰርዛለሁ። ጎግል እንዲህ ያለ ልክ አላወጣም። ያወጣው ተቃራኒውን ነው፦ ለደረጃ ሲባል ቃልን በጽሑፍ ውስጥ ማጨቅ በደንቦቹ የተከለከለ ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ጥያቄዬ «ስንት ጊዜ?» መሆኑ ቀርቶ «የት ቦታ?» ሆነ።

2. ተመሳሳይ የሚባል ቃል በሁሉም ቦታ ተመሳሳይ አይደለም።

አንድ ምሽት በአንድ ጠቅታ ልገላገል ብዬ የጽሑፉን ሁለተኛ አጋማሽ መርጬ «የደም ግፊት» ያለውን ሁሉ በ«ደም ብዛት» ተካሁት። ሰው በሽታውን የሚጠራው እንዲህ ነው፤ ምን ክፋት አለው? ሳላነበው አወጣሁት።

ለካ በሁለተኛው አጋማሽ ውስጥ ስለ መለካትና ስለ ዝቅተኛ ግፊት የሚያወራው ክፍል ነበረ። «የጤናማ ሰው ደም ብዛት ከ120/80 በታች ነው» ብዬ ጤነኛውን ሁሉ በሽተኛ አደረግኩት። ዝቅ ብሎ ደግሞ «ዝቅተኛ ደም ብዛት» የሚል ንዑስ ርዕስ ተገትሯል። መጀመሪያ ያስተዋለችው አክስቴ ናት። ደውላ፣ «ልጄ፣ ይሄ ዝቅተኛ ደም ብዛት ያልከው ደም ማነስን ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። «ብዛት» ዝቅ ሲል «ማነስ» ካልሆነ ምን ይሆናል? ነገር ግን ደም ማነስ ሌላ በሽታ ነው፤ ምርመራውም ሕክምናውም ይለያል። ጽሑፌ አማርኛ ለሚያውቅ ሰው የተሳሳተ ሕክምና ይጠቁም ነበር።

«የደም ግፊት» ሁለት ነገር ይናገራል፤ በማንኛውም ሰው ላይ የሚለካውንም፣ ከፍ ሲል የሚመጣውንም በሽታ። «ደም ብዛት» ግን የበሽታው ስም ብቻ ነው። ስለዚህ አሁን አንድ ቃል ከመተካቴ በፊት ዓረፍተ ነገሩን እፈትነዋለሁ። በቁጥር የሚለካ ነገር ከሆነ «ግፊት»ን አልነካም። ሰው «አለብኝ» ብሎ የሚናገረው ከሆነ ግን ሁለቱም ይሄዳሉ።

3. የኮምፒውተሩ ፍለጋ የአማርኛን ርቢ አያውቅም።

ያን ምሽት ከመተካት ያመለጠም ነበረ። «ደም ብዛት ያለበት ሰው የደም ግፊቱን ይለካ» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። ያመለጠበት ምክንያት ቀላል ነው፤ «ግፊት» ላይ «ኡ» ሲጨመር የመጨረሻው ፊደል ራሱ ወደ «ቱ» ይለወጣል፤ «ት» የሚፈልግ «ቱ»ን አያይም። የሚያሳፍረው፣ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ትክክል የሆነው ይኸው ያመለጠው ነበር።

መቶኛ ስቆጥር የከረምኩትም ስህተት እንደነበር ያኔ ገባኝ። በ`Ctrl+F` «ደም ግፊት» ብዬ ስፈልግ 41 አገኘሁ። የመጨረሻውን ፊደል ትቼ «ደም ግፊ» ብዬ ስፈልግ 58 ሆነ፤ «ግፊቱ»፣ «ግፊታቸው»፣ «ግፊቷ» ሁሉ ተሰለፉ። ድግግሞሹ የቱ ጋ እንደተከማቸ ማየት ስፈልግ እስካሁን በዚህ መንገድ ነው የምፈልገው።

4. የሚተካውን ቃል መምረጥ ያለበት ፈላጊው ነው።

ሌላው ጥፋቴ ማስጌጥ ነበር። «ዝምተኛው ገዳይ»፣ «የዘመናችን ጠላት» እያልኩ አራት አምስት ቦታ ተካሁ፤ አልፎ ተርፎ የመጀመሪያውን ርዕስ «ዝምተኛው ገዳይ በደጃችን» አልኩት። ታሞ ስልኩ ላይ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ብሎ አይፈልግም። ርዕሱን የሚያይ ሰውም ጽሑፉ ስለ ካንሰር ይሁን ስለ ስኳር በምን ያውቃል?

በመጨረሻ የጎግል ሰርች ኮንሶልን ከፈትኩ። በ`Performance` ውስጥ የዚያን ገጽ አድራሻ ብቻ መርጬ `Queries` የሚለውን ዝርዝር አየሁ። ሰው ምን ብሎ ጽፎ ገጹ እንደታየለት፣ ስንቱ እንደከፈተውና በስንተኛ ደረጃ እንደታየ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። «የደም ግፊት ምልክቶች» አንደኛው ገጽ ላይ ነበር። «ደም ብዛት ምልክቱ»፣ «ደም ብዛት ምን ይበላል» የሚሉት ግን ብዙ ጊዜ ቢታዩም ሦስተኛው ገጽ አካባቢ ተቀብረዋል፤ የሚከፍታቸው የለም።

`<title>` እና `<h1>` ላይ «የደም ግፊት»ን መለስኩ። በመጀመሪያው አንቀጽ «በተለምዶ ደም ብዛት የምንለው የደም ግፊት በሽታ» ብዬ ሁለቱን አስተዋወቅኳቸው። ስለ ምግብ የሚያወራውን ንዑስ ርዕስ ደግሞ «ደም ብዛት ያለበት ሰው ምን ይብላ?» አልኩት፤ በሰዉ አነጋገር። ከዚያ 28 ቀን ሳልነካው ቆየሁና ከቀደሙት 28 ቀናት ጋር አነጻጸርኩ። «የደም ግፊት» የነበረበት ቆየ፤ «ደም ብዛት» ያለባቸው ፍለጋዎች ወደ ሁለተኛው ገጽ ወጡ። በዚያ ወር ሌሎች ድረ ገጾች ምን እንደሠሩ ስለማላይ ሁሉም የእኔ ሥራ ነው አልልም። ቢያንስ ግን ሁለተኛ ቃል መጨመሬ የመጀመሪያውን አልጎዳብኝም።

5. ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው ምትክ ሳይሆን መተው ነው።

እንዲህ ጽፌ ነበር፦ «የደም ግፊት ያለበት ሰው የደም ግፊቱን በየጊዜው መለካት አለበት። የደም ግፊቱ ከ140/90 በላይ ከሆነ የደም ግፊት መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ሐኪሙን ያማክር።» አራት ጊዜ ማለት ነው። ምትክ ቃል ፍለጋ ስንት ደቂቃ እንዳባከንኩ አልናገርም። አሁን እንዲህ ነው፦ «የደም ግፊት ያለበት ሰው በየጊዜው ይለካ። ከ140/90 በላይ ከሆነበት መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ሐኪሙን ያማክር።» የአማርኛ ግስ ባለቤቱንም ተሳቢውንም ተሸክሞ ስለሚሄድ ስሙ ቢወጣም ምንም አልጎደለም።

ይህም ልክ አለው። በአዲስ ንዑስ ርዕስ ሥር የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር «ይህ በሽታ» ብዬ አልጀምርም። አንባቢው ከላይ ያለውን ሳያይ በቀጥታ እዚያ ሊወርድ ይችላል፤ የቱ በሽታ እንደሆነ ለማወቅ ወደ ላይ መውጣት የለበትም። እዚያ ሙሉ ስሙን እጽፋለሁ፤ ቢደገምም ይደገም።

ባለፈው ወር የሰርች ኮንሶሉን የፍለጋ ዝርዝር ሳገላብጥ «ደም ብዛትና ደም ማነስ አንድ ላይ ይኖራል ወይ» የሚል ፍለጋ አየሁ። የአክስቴ ጥያቄ ወንድም ነው። በአንድ ንዑስ ርዕስ የሚመለስ ስላልመሰለኝ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ጀምሬለታለሁ። ለአክስቴ በስልክ አነበብኩላት፤ ሁለት ቦታ አስቁማኛለች።