ታፔላው ላይ የሌለው ስልክ

ለማርኬቲንግ ረዳትነት የተፈተንኩት ቦሌ አካባቢ፣ የታሸገ ምግብ በሚያስመጣ ድርጅት ነው። መብራት ቢጠፋ ብዬ ፖርትፎሊዮዬን በወረቀት አትሜ ነበር። ለአንድ ዘመቻ አንድ ገጽ፦ ምን እንደተፈለገ፣ ምን እንደተሠራ፣ ስንት እንደወጣ፣ ምን እንደተገኘ፣ ከታች ደግሞ እንዴት እንደተቆጠረ።

ከፈታኞቹ አንዷ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሴት፣ የበራሪ ወረቀቱን ሥራ ገልበጥ አድርገው አለፉት። ስንት እንደተበተነ እንጂ ስንት ሰው ይዞት እንደመጣ ስላልነበረው አልፈረድኩባቸውም። የቆሙት የጾም ኬኩ ላይ ነው።

በዐቢይ ጾም ለአንድ ኬክ ቤት ፌስቡክ ላይ በ6,000 ብር ያስተዋወቅነው ሥራ ነበር። ማስታወቂያው ለ84,000 ሰው ደርሷል፤ 96 ኬክ ታዟል። እኔ 84,000ውን በትንሹ ጽፌ 96ቱን አጉልቼዋለሁ፤ ያየ ሁሉ አይገዛምና።

«96ቱ በማስታወቂያው እንደመጡ በምን አወቅሽ?» አሉኝ።

«ማስታወቂያው ላይ የወጣው ስልክ ታፔላው ላይ የለም። ሌላ ቦታም አልሰጠነውም። በእሱ የደወለውን ብቻ ነው የቆጠርኩት።»

«የድሮ ደንበኛስ በእሱ አይደውልም?»

ይደውላል። ለዚህ ነው የደዋዮቹን ቁጥር ከኬክ ቤቱ የትዕዛዝ ደብተር ጋር ያመሳከርኩት። 22ቱ ከዚያ በፊት ያዘዙ ሰዎች ነበሩ። እነሱ ሲቀነሱ 74 አዲስ ደንበኛ ይቀራል፤ የአንዱ ወጪም ከ62 ብር ከ50 ወደ 81 ብር ግድም ይወጣል። ሁለቱንም ገጹ ላይ አስፍሬያለሁ። ከአንድ ኬክ 180 ብር ይተርፍ ስለነበር በ81 ብርም አያከስርም፤ ይህን እንድናገር ግን ባለቤቱን አስቀድሜ አስፈቅጃለሁ።

ወጣቱ ፈታኝ የማስታወቂያውን ስክሪንሾት አገላብጦ አየው። ቀኑ ከነመጀመሪያውና ከነማብቂያው ይታያል፤ የደንበኞቹ ስምና ስልክ ተሸፍኗል። ቀን የሌለው ስክሪንሾት የየትኛው ሳምንት እንደሆነ ማን ያውቃል?

«ጾም ስለሆነ ያለ ማስታወቂያስ አይሸጥም ነበር?» አለኝ።

ከባዱ ይሄ ነው። ኬክ ቤቱ ከዚያ በፊት የጾም ኬክ ሠርቶ ስለማያውቅ ካለፈው ዓመት ጋር ማወዳደር አልተቻለም። ስልኩ ሰዎቹ በየት በኩል እንደመጡ እንጂ ባናስተዋውቅ ኖሮ ይቀሩ እንደነበር አያሳይም። በጀቱ ቢበቃ በአንዱ ሰፈር አስተዋውቄ በሌላው ትቼ ሁለቱን አወዳድር እንደነበር ነገርኩት።

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወረዱና ወደ ባልደረባቸው ዞሩ። «የእኛ ማስታወቂያ ላይ ያለው ስልክ የቱ ነው?»

«የእንግዳ መቀበያው።»

«ሁሉም ላይ?»

«ሁሉም ላይ።»

እኔን ትተው እርስ በርስ መከራከር ጀመሩ። በዚያው ለማስታወቂያ ብቻ የሚሆን ስልክ ቁጥር ማውጣት ምን ያህል ያስከፍላል ወደሚለው ገቡ።