የዕለት ማስታወሻ ጀማሪ በየት በኩል ይግባ?

እዚህ ጪጩ ወጣቶችን የዕለት ማስታወሻ ስናለማምድ ሦስት መንገዶችን ሞክረናል። አንዱ ፒተር ኤልቦው በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያስፋፋው ነፃ ጽሑፍ ነው፤ ለአሥር ደቂቃ ያህል ሳይሰርዙና ሳያቆሙ የመጣውን መጻፍ። ሌላው ጁሊያ ካሜሮን በ1992 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀችው የማለዳ ገጾች ነው፤ ከእንቅልፍ እንደተነሱ ሦስት ገጽ በእጅ መሙላት። ሦስተኛው ለተሰጠ ጥያቄ መልስ መጻፍ ነው።

የማለዳ ገጾች ግማሽ ሰዓት ቢፈጁ አይገርምም። ከሱብሒ በኋላ ውሃ የምትቀዳ ልጅ ይህን ጊዜ ከየት ታመጣለች? ነፃ ጽሑፍ አጭር ቢሆንም ጀማሪው ቶሎ «ምን ልጻፍ» እያለ መደጋገም ይጀምራል። ኤልቦው ይህንንም ጻፉት ይላል፤ ልጁ ግን አልቻልኩም ብሎ ደብተሩን ይዘጋል።

ስለዚህ በጥያቄ ይጀመር እንላለን፤ ጥያቄውም ጠባብ ይሁን። አንድ ተማሪ «ደስታ ምንድን ነው?» ለሚለው የፈተና መልስ የሚመስል አራት መስመር ጻፈ። «ትናንት ማታ አባትህ ምን አሉ?» ሲባል ግን የእሸት ቡናው ዋጋ መውረዱን፣ አባቱ እራት ሳይበሉ መተኛታቸውን፣ እርሱም የደብተር መግዣ ለመጠየቅ መፍራቱን ገጽ ሙሉ አወጣው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብዕሩ ከጥያቄው እየራቀ ከሄደ አትመልሱት፤ ለነፃ ጽሑፍ ደርሷል ማለት ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ደብተሩን ሳይፈቅድላችሁ አታንብቡ። እንደሚነበብ ያወቀ ልጅ የሚጽፈው ለእናንተ ነው።