ብሬከር ደጋግሞ ሲወድቅ፤ የጭነት መብዛት ነውን ወይስ ሾርት?

በየቤታችን ከቆጣሪው ቀጥሎ በግድግዳ ላይ በተሰቀለው ሣጥን ውስጥ ብሬከር የሚባሉ መቆጣጠሪያዎች ተደርድረው ይገኛሉ። ከእነርሱ አንዱ በድንገት ወድቆ የቤቱ አንድ ወገን ሲጨልም፣ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር እጀታውን ወደ ላይ መመለስ ነው፤ ሁለተኛ ሲወድቅ ደግሞ ይመልሰዋል፤ ሦስተኛ ሲወድቅ ብሬከሩ ተበላሽቷል ብሎ ይፈርዳል። ነገር ግን ብሬከር አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው የተሾመበትን ሥራ ስለ ፈጸመ ነው። አወዳደቁንም አስተውሎ ለሚመለከት ሰው ምክንያቱን ራሱ ይነግረዋል።

በብሬከሩ ውስጥ ሁለት ዘበኞች አሉ። አንደኛው ዘገምተኛ ነው፤ እርሱም ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራ ስስ ጠፍጣፋ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይሞቃል፤ ሁለቱ ብረቶች በሙቀት እኩል ስለማይለጠጡ ይጎብጣል፤ ጉብጠቱም ሲበዛ መያዣውን ገፍቶ መስመሩን ይቆርጣል። ሁለተኛው ፈጣን ነው፤ እርሱም የተጠመጠመ ሽቦ ሲሆን እጅግ ብዙ ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ ሲያልፍበት ማግኔት ሆኖ ከዐይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ መያዣውን ይስባል። ዘገምተኛው የጭነትን መብዛት፣ ፈጣኑ ሾርትን ይጠብቃሉ። የጭነት መብዛት ማለት ዕቃዎቹ ሁሉ ደኅና ሆነው ሳለ በአንድነት የሚስቡት ከገመዱ አቅም ሲያልፍ ነው። ሾርት ማለት ግን ሁለቱ መስመሮች የለበሱት ፕላስቲክ ተልጦ ወይም ቀልጦ እርስ በርሳቸው ሲነካኩና ኤሌክትሪኩ በዕቃው ውስጥ ሳይሠራ በአቋራጭ ሲመለስ ነው።

የሁለቱን ልዩነት በአንድ ቤት ካየነው ነገር እናስረዳለን። አንዲት የምናከብራቸው ዘመዳችን የማእድ ቤታቸው ብሬከር በእንጀራ መጋገሪያ ቀን ሁሉ እየወደቀ ቢያስቸግራቸው አስጠሩን። እርሳቸው ጥፋቱን በቤት ሠራተኛዪቱ ላይ ጥለው ነበር፤ ብሬከሩ የሚወድቀው ልጅቱ የውኃ ማፍያውን ስትሰካ ስለ ነበረ፣ «ማፍያውን ያበላሸችው እርስዋ ናት፤ ዋጋውን ከደመወዝዋ እቈርጣለሁ» ይሉ ነበር። ልጅቱም፣ «እትዬ፣ ኧረ እኔ ውኃ ከመሙላት በቀር ምንም አላደረግሁም» ብላ ታለቅስ ነበር።

እኛም ልጅቱን የጠየቅናት፣ «ከሰካሽው በኋላ ምን ያህል ቈይቶ ይወድቃል?» ብለን ነው። «ውኃው ሊፈላ ሲቃረብ ነው» አለችን። ይህ መልስ ብቻውን ነገሩን ወደ ማወቅ አደረሰን፤ ማፍያው ሾርት ቢኖረው ኖሮ ብሬከሩ ጥቂት ደቂቃ እንኳ ባልታገሠው ነበር። ስለዚህ ሒሳቡን አደረግን። በየዕቃው ላይ የተጻፈው ዋት በ220 ቮልት ሲካፈል ዕቃው የሚስበውን አምፔር ይሰጣል። ምጣዱ 3500 ዋት ስለ ሆነ 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ የወጥ ምድጃው 1500 ዋት ስለ ሆነ 7 ያህል፤ የውኃ ማፍያው 2000 ዋት ስለ ሆነ 9 ያህል ይስባሉ። ሦስቱም የሚመገቡበት ብሬከር ግን 20 አምፔር ብቻ ነበረ። ምጣዱና ምድጃው አብረው 23 ሲስቡ ዘገምተኛው ዘበኛ ትርፉ ጥቂት ስለ ሆነ ለረጅም ጊዜ ይታገሣል፤ ማፍያው ተጨምሮ 32 ሲሆን ግን በደቂቃዎች ውስጥ ጐብጦ ይቈርጣል። እንግዲህ ማፍያው በመጨረሻ ስለ ተሰካ ተከሰሰ እንጂ ከሁሉ ይልቅ የከበደው ምጣዱ ነበረ። ወዲያው ሲመልሱትም ጠፍጣፋው ገና ትኩስ ስለ ነበረ ብሬከሩ ከፊተኛው ይልቅ ፈጥኖ ይወድቅ ነበር፤ ይህም ሌላ የጭነት ምልክት ነው። ዘመዳችንም ይህን ሲሰሙ የልጅቱን ደመወዝ ሳይነኩ ተዉት፤ እንጀራ እስኪያልቅ ድረስም ውኃ በማፍያው እንዳይፈላ አዘዙ።

ከአንድ ወር በኋላ ያው ብሬከር እንደ ገና ወደቀ፤ አወዳደቁ ግን ሌላ ነበረ። ምጣዱ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ፣ የወጥ ምድጃው በተሰካበት ቅጽበት ጧ ብሎ ወደቀ፤ በሶኬቱም ላይ ጥቁር የጥላሸት ምልክት ታየ። የምድጃውን ገመድ ብንመረምረው በጋለው ምጣድ ጠርዝ ላይ ተጋድሞ ኖሮ፣ ልባሱ ቀልጦ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። በመኖሪያ ቤት በተለመደው 20 አምፔር ብሬከር ፈጣኑ ዘበኛ የሚነሣው ከ100 እስከ 200 አምፔር ሲደርስ ነው፤ ሾርት ደግሞ ከዚህ አልፎ ብዙ መቶ ሊደርስ ስለሚችል አንዲት ሰከንድ እንኳ አይታገሠውም።

ይህን በየቤቱ ለመለየት የሚከተለውን ማድረግ ይበቃል። በዚያ መስመር ያሉትን ዕቃዎች ሁሉ ከሶኬት መንቀል ነው፤ በማብሪያቸው ማጥፋት አይበቃም፤ ገመዳቸው ከሶኬቱ ጋር እንደ ተያያዘ ይቀራልና። ከዚያም ብሬከሩ እንዲቀዘቅዝ ጥቂት ደቂቃ ታግሦ በደረቅ እጅ ማንሣት ነው። ምንም ሳይሰካ ወዲያው ከወደቀ ጥፋቱ በግድግዳው ውስጥ ባለው መስመር ወይም በራሱ በብሬከሩ ስለ ሆነ፣ ሣጥኑን ሳይከፍቱ ባለሙያ መጥራት ይገባል። ከቆመ ግን ዕቃዎቹን አንድ በአንድ መሰካትና ማብራት ነው። አንዱ በተሰካበት ወይም በበራበት ቅጽበት ቢወድቅ፣ የተጠረጠረው ያ ዕቃ ወይም ገመዱ ነው፤ ሁለተኛም አይሰካ። እያንዳንዱ ብቻውን ደኅና ሆኖ፣ አብረው ሲሠሩ ከቈይታ በኋላ ቢወድቅ የጭነት መብዛት ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መፈተኛ ቁልፍ ያለው ብሬከር፣ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈተልክም በቅጽበት ይወድቃል፤ ይህም እርጥበት በገባበት የውኃ ማሞቂያ የሚደርስ ነው፤ ስለዚህ ሾርት ይመስላል እንጂ ሾርት አይደለም፤ ሰውን ከሞት ለማዳን የተሠራ ስለ ሆነ ግን ሊናቅ አይገባም። ደግሞም ጭነቱ ትንሽ ሆኖ ሳለ ብሬከሩ ከቈይታ በኋላ ቢወድቅና ሲዳስሱት ቢሞቅ፣ ገመዱን የሚያስረው ብሎን ላልቶ ይሆናልና ባለሙያ እንዲያጠብቀው ያስፈልጋል።

ዘመዳችንን አንድ ጎረቤት፣ «ባለ 32 አምፔር ብሬከር ቢያስገቡ ይገላገላሉ» ብሎ መክሯቸው ነበር። በእርግጥ ብሬከሩ መውደቁን ይተው ነበር። ነገር ግን በግድግዳው ውስጥ ያለው ባለ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ገመድ የተመጠነው ለ20 አምፔር ስለ ሆነ፣ ብሬከሩ ሊሞቅበት በሚገባው ፈንታ ገመዱ ራሱ በየጋገራው ቀን እየጋለ፣ ልባሱ በማይታይበት ስፍራ ይደርቅና ይሰነጠቅ ነበር፤ የብዙ ቤት ቃጠሎ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ዘመዳችን ያደረጉት ግን ሌላ ነው። ባለሙያ አስመጥተው ለምጣዱ ብቻ የሚሆን ወፍራም ገመድ ከሣጥኑ አስዘረጉ፤ የራሱንም ብሬከር አስተከሉለት። ዛሬ እንጀራው ሲጋገር ውኃውም ይፈላል፤ ባለ 20ውም ብሬከር በስፍራው ቆሞ ይጠብቃል።