ከእሳት በኋላ ምን ነካው?

ሥራዬ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያመላልሰኛል፤ የምሄደውም በአብዛኛው በአውቶቡስ ነው። መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አሰበ ተፈሪ፣ ሂርና እያልን ነው የምንወርደውና የምንወጣው። በመንገድ ላይ ካሉት ከተሞች አንዳንዶቹ ውሃ የሚያገኙት በፈረቃ ነው፤ ቧንቧው ሲደርቅ ጄሪካን በአህያ ጋሪ ይመጣል። መንገደኛ ደግሞ በየትኛው ቀን ላይ እንደደረሰ አያውቅም። ድሮ አንድ ነገር ከመብላቴ በፊት «ቤቱ ንጹሕ ይመስላል?» ብዬ ነበር የማስበው። ሆዴ ብዙ ካስከፈለኝ በኋላ ጥያቄውን ቀየርኩት፦ ይህ ነገር ከእሳት ከወረደ ወዲህ ምን ነካው? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚያች ጥያቄ የመጣ ነው።

1. መስታወት ውስጥ ያለ ሳምቡሳ ከምጣድ ዳር ካለው አይበልጥም።

ለብዙ ጊዜ የምመርጠው ወለሉ የተወለወለ፣ ሻጩ ነጭ ጋዋን የለበሰበት ቤት ነበር። ሳምቡሳው በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተደርድሮ ይታያል፤ ዝንብ የለበትም፣ አቧራ የለበትም። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ በከሰል ላይ ዘይት አፍልተው የሚጠብሱትን እናት ግን በፊታቸው አልፌ እሄድ ነበር። አንድ ቀን አዋሽ ላይ፣ በቀትር፣ ከመስታወቱ ሁለት የምስር ሳምቡሳ በላሁ። አሰበ ተፈሪ ሳንደርስ ሹፌሩን አስቁሜ ከመንገዱ ዳር ተንበርክኬ ነበር። በኋላ ስጠይቅ ሳምቡሳው የተጠበሰው ለቁርስ ኖሯል።

ከፈላ ዘይት የወጣ ሳምቡሳ በዚያች ቅጽበት ከጀርም የጸዳ ነው ማለት ይቻላል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ይቀዘቅዛል፣ በእጅ ይደረደራል፣ እጁ ደግሞ ብር ሲቆጥር፣ ላብ ሲጠርግ የቆየ ነው። የበሰለ ምግብ ያለ ማቀዝቀዣ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመከራል፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። የአዋሽ ቀትር ከ32 በታች የሚሆንበት ቀን ብዙ አይደለም።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። «ላሙቅልህ?» ሲሉኝ ነገሩ የተስተካከለ ይመስለኝ ነበር። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ በሰው አፍንጫና በእጅ ቁስል ላይ ይኖራል፤ ምግቡ ላይ ጊዜ ካገኘ መርዝ ያመርታል። ድጋሚ ሲጠበስ ባክቴሪያው ይሞታል፣ መርዙ ግን ሙቀቱን ችሎ ይቀራል። ስለዚህ አሁን እናትየውን «ከምጣዱ ያውጡልኝ፣ እጠብቃለሁ» እላቸዋለሁ፤ በጭልፋ ሲያወጡት የራሴን ሶፍት ዘርግቼ እቀበላለሁ፣ ብሩን የምሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ከመንከሴ በፊት ለሁለት እሰብረዋለሁ። ውስጡ በእንፋሎት ካልተቀበለኝ፣ ማለትም ቅርፊቱ አቃጥሎኝ ምስሩ ለብ ብሎ ከሆነ፣ ጠዋት የተጠበሰ ነው፣ እንደገና ዘይት ነክቶ የወጣ ነው። ብሩ ቢያሳዝነኝም እተወዋለሁ።

2. ሻዩን ሳይሆን ብርጭቆውን ይፍሩ።

«ሻይ የፈላ ነው፣ ምን ያመጣል?» የምል ሰው ነበርኩ። አባባሉ ስለ ሻዩ እውነት ነው። አንድ ጊዜ መኪናው ጎማ ሲቀይር ከመንገድ ዳር ካለች ሻይ ሻጭ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጬ ረጅም ሰዓት ቆየሁ፤ ሥራ ስላልነበረኝ ባልዲዋን ተመለከትኩ። ብርጭቆ ይመለሳል፣ ባልዲው ውስጥ ይነከራል፣ በጣት ይዞራል፣ ይወጣል፣ ሻይ ይቀዳበታል። ስቀመጥ ውሃው ጥርት ያለ ነበር፤ ጎማው ተቀይሮ ሲያልቅ የደረሰ ጠላ መስሎ ነበር። ውሃው አልተቀየረም። ልጅቷ ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ያ ባልዲ በጄሪካን ሒሳብ የተገዛ ውሃ ነው፣ በየብርጭቆው ብትደፋው ከሻዩ የምታገኘው ትርፍ ይሄዳል።

ትኩስ ሻይ ብርጭቆው ውስጥ ሲገባ ወዲያው ስለሚቀዘቅዝ ውስጡን ያጸዳል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ ከንፈር የሚነካውን ጠርዝ ደግሞ ጭራሽ አይደርስበትም። መፍትሔዬ የራሴን የብረት ኩባያ ይዞ መጓዝ ነው። ሻጮቹ በመጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር፤ አሁን በዚያ መስመር የሚያውቁኝ «ባለ ኩባያው መጣ» ይላሉ። ኩባያ ካልያዙ ከጀበናው ወይም ከማንቆርቆሪያው ጥቂት የፈላ ውሃ አስቀድተው ብርጭቆውን ጠርዙን ጨምሮ ያለቅልቁና ይድፉት። ፍጹም አይደለም፣ ከባልዲው ግን ይሻላል። ከእጥበቱ ገና የሚንጠባጠብ ብርጭቆ ከቀረበልዎ በፀሐይ የደረቀውን ይጠይቁ።

3. በረዶ ውሃ ነው።

ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም ትሉ ይሆናል። እኔ ግን ቧንቧ ውሃ አልጠጣም እያልኩ ከድሬዳዋ ሙቀት የተነሳ በረዶ የተጨመረበት የማንጎ ጁስ ስጠጣ ነበር። ቅዝቃዜ አብዛኛውን ጀርም ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም፤ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ያው ነው። በረዶ አስቀርቼም ጁስ ላይ እጠራጠራለሁ፤ መፍጫው በምን ታጠበ፣ ሲወፍር በምን ቀጠነ? ፍሬ ሲያምረኝ ራሴ የምልጠውን፣ ሙዝ ወይም ብርቱካን፣ እገዛለሁ። ተቆርጦ ውሃ የተረጨበት ሐብሐብ ግን የሚያብለጨልጨው ከተረጨበት ውሃ የተነሳ ነው።

4. የታሸገ ሁሉ ፋብሪካ አላሸገውም።

በዚህ መስመር ልጆች ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ከመኪና መስኮት ይለምናሉ፤ ፕላስቲኩ ወተትም ዘይትም ይሸጥበታል፣ አልፎ አልፎም ተመልሶ ውሃ ሆኖ ይመጣል። አንድ ጊዜ በመስኮት የገዛሁትን ክዳን ስከፍት ምንም ድምፅ ሳይሰጥ ዞረ። ጥሜ ስላሸነፈኝ ጠጣሁት። ያን ጊዜ ምንም አልሆንኩም፤ ያም በጎ አላደረገልኝም፣ ምክንያቱም ለረጅም ጊዜ ክዳን ማየት ተውኩ።

አሁን ሦስት ነገር አያለሁ። ከክዳኑ በታች ያለው ቀለበት ሳይቆረጥ ከክዳኑ ጋር መያያዙን፣ ጠርሙሱን ገልብጬ ስጨምቀው አለመንጠባጠቡን፣ ስከፍተው ቀጭ ማለቱን። ጋዝ ያለው እንደ አምቦ ያለ ውሃ በዚህ ይበልጣል፤ ሲከፈት ካልተነፈሰ ቀድሞ መከፈቱን ራሱ ይናገራል። ብቻ ጠርሙሱ በገንዳ ውስጥ በቀለጠ በረዶ ውሃ ተነክሮ የቀዘቀዘ ከሆነ አፉን ሳልጠርግ አልጠጣም።

የታሸገ ካጣሁ ውሃ ማፍላት እመርጣለሁ፦ ቦግ ቦግ ብሎ ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ባለ ደጋ ደግሞ ሦስት ደቂቃ፣ ምክንያቱም ደጋ ላይ ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል። ማፍያ ከሌለ እንደ ውሃ አጋር ያለ ክሎሪን አለ። የሚያሳስተው መጠኑ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው ለሃያ ሊትር ጄሪካን ታስቦ ስለሆነ ለአንድ ሊትር ፕላስቲክ በግምት መጨመር ወይ ያንሳል ወይ ይበዛል። ለመንገድ ለአንድ ሊትር የተዘጋጀ እንክብል ይሻላል። ከጨመሩ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። ውሃው ደፍርሶ ከሆነ ጭቃው የክሎሪኑን ጉልበት ስለሚበላ አስቀድመው አስረግተው በንጹሕ ጨርቅ ያጥልሉት፤ በድፍርሱ ላይ መጨመር ራስን ማጽናናት ነው።

5. ዳጣ ጀርም አይገድልም።

እንባ የሚያስወርድ ቅመም ሌላውን ሁሉ ያቃጥላል የሚል እምነት ነበረኝ። ድንች በዳጣ ወዳጄ ነው። ግን ዳጣው በውሃ ይቀጥናል፣ ቀኑን ሙሉ ክፍት ይውላል፣ የሁሉም ሰው ድንች ይነከርበታል። ሎሚውም ቃሪያውም ያንን አያስተካክለውም። አሁን ድንቹን ከነልጣጩ ትኩሱን እገዛና ራሴ ልጬ በደረቅ ሚጥሚጣ እበላለሁ። የተቀቀለ እንቁላልም እንዲሁ፣ ቅርፊቱ ካልተሰነጠቀ።

6. ጭስ የማፍላትን ያህል አይደለም።

ሚኤሶ አካባቢ የግመል ወተት ይሸጣል፤ ዕቃው በጭስ ይታጠናል፣ ሽታው ግሩም ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት «ልጄ፣ እኛ ያደግነው በዚህ ነው» ብለው ሲጋብዙኝ እምቢ ማለት ከበደኝ። ጭሱ ወተቱን ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳዋል፤ ካልፈላ የእንስሳት ወተት ወደ ሰው የሚተላለፈውን ብሩሴሎሲስን ግን አያስቀርም። በሽታው ለሳምንታት የሚመላለስ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል፣ ብዙ ጊዜም ወባ ወይም ታይፎይድ ነው እየተባለ ይታከማል። ያን ቀን ሰበብ ፈጥሬ አመለጥኩ። አሁን «አፍልተው ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል» እላለሁ፤ ቅር የሚሰኝ አላጋጠመኝም።

7. ሆድዎ ሲታመም የመጨረሻውን ምግብ አይክሰሱ።

ድሬዳዋ ገብቼ ከታመምኩ ድሬዳዋን እረግም ነበር። በዚህም ከአንዲት ምግብ ሻጭ እናት ቤት፣ ያለ ጥፋታቸው፣ ለረጅም ጊዜ ቀርቻለሁ። የተሠራ መርዝ ያለበት ምግብ ከግማሽ ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ያስመልሳል፤ የአዋሹ ሳምቡሳ እንዲያ ነበር። ሆድ ውስጥ ገብቶ የሚራባው ጀርም ግን አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ተቅማጥ ሐሙስ ማታ ከጀመረ የምጠረጥረው ማክሰኞና ረቡዕ የበላሁትን ነው።

ከኩባያዬ ጋር ሁልጊዜ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከረጢት እይዛለሁ። አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ውሃ ነው የሚበጠበጠው፤ በግማሽ ሊትር ማወፈር ያጠነክራል ብዬ አስብ ነበር፣ ጨው ሲበዛ ግን ይጎዳል። ካስመለሰኝ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቼ በማንኪያ በማንኪያ እጀምራለሁ። ደም ከታየበት፣ ከፍተኛ ትኩሳት ካለ፣ ወይም ተቅማጡ የሩዝ ውሃ መስሎ በብዛት ከወረደ በከረጢት ላይ ተማምኜ አውቶቡስ ውስጥ አልቆይም፤ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ እወርዳለሁ። የተበጠበጠውም 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል፤ በዚያ ሙቀት ጠርሙሱ ውስጥ የሚራባ ነገር አይጠፋም።