ሌሊት የሚፈሰው ሮቶ

መሃል ሜዳ፣ በጥር ወር፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ተከራዩ ከጣሪያው የሚወርድ ውኃ ሰማ፤ በጥር ምን ዝናብ አለ? ከተማው ሲተኛ የሚቀዳው ሰው ስለሚያንስ የመስመሩ ግፊት ይጨምራል፤ የደከመ ፍሎተር የሚጋለጠውም ያኔ ነው።

ሲነጋ አከራይዋ መሰላል አስደግፈው ወጡ። የፍሎተሩን ክንድ በእጃቸው ወደ ላይ ሲያነሱት ውኃው ቆመ። ባይቆም ኖሮ ጥፋቱ የጎማው ወይም ከሥሩ የገባ አሸዋ ነበር። ኳሱን ፈትተው ሲነቀንቁት ውስጡ ውኃ ተንቦጫቦጨ፤ ተሰንጥቆ ስለከበደ አይንሳፈፍም። የሚለወጠው እሱ ብቻ ነው።

ኪሳራውስ? ሃያ ሊትር ባልዲ በሁለት ደቂቃ ከሞላ፣ በስድስት ሰዓት 3,600 ሊትር ፈሷል፤ 180 ጀሪካን! ቆጣሪው ደግሞ አንዷን አይምርም።

አከራይዋ ትርፍ ውኃ ማስወጫውን ከጓሮ ቦይ አንስተው ወደ መግቢያው በር አዞሩት። ደግ አደረጉ፤ ጓሮ የሚፈሰውን ማን ያየዋል?