የአይጥ መርዝ ከማስቀመጣችሁ በፊት የፎቶዋን አፍንጫ እዩ



ክረምት ሲገባ ከደብረ ማርቆስና ከዙሪያዋ የሚላኩልኝ ፎቶዎች ይለወጣሉ። በበጋ የሽፍታና የቁስል ፎቶ ይበዛል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ዝናቡ የሜዳውን ጉድጓድ ሲሞላው ትንንሽ እንስሳት ወደ ደረቁ ቤት ይገባሉ፤ ያኔ የሚመጣው ጥያቄ "ዶክተር፣ ይቺ ምንድን ናት? ልጄን ብትነክሰውስ?" የሚል ነው።

እኛ ሁሉንም "አይጥ" እንላለን፤ ገዘፍ ያለችውን ደግሞ አይጠ መጎጥ። ፎቶዎቹን አተኩሬ ሳያቸው ግን ሦስት ዓይነት እንስሳ አገኛለሁ። ሁለቱ እህል የሚበሉና ማዳበሪያ ከረጢት የሚቀዱ ናቸው፤ አይጠ መጎጥና ትንሿ የቤት አይጥ። ሦስተኛዋ አይጥ አይደለችም። በእንግሊዝኛ ሽሩ ይሏታል፤ ዋና ምግቧ በረሮ፣ ጥንዚዛ፣ ትልና የመሳሰለው ነው። እኔ እዚህ "ሹል አፍንጫዋ" እላታለሁ። (አንዳንድ ሰው ፍልፈል ይላታል። ፍልፈል ግን እርሻ ላይ አፈር የሚቆልል፣ ጭራው በጣም አጭር፣ ትልልቅ ብርቱካናማ ጥርሶቹ ከአፉ ወጥተው የሚታዩ ሌላ እንስሳ ነው።)

አንዲት እናት ከከተማው ትንሽ ወጣ ካለ ቀበሌ የላከችልኝን ፎቶ ልንገራችሁ። እንስሳዋ ሞታ ወለሉ ላይ፣ ከልጅ ላስቲክ ጫማ አጠገብ ተጋድማለች። ድመቷ ገድላት ሳትበላት ትታታለች። እናትየው ከገበያ ምንም ጽሑፍ የሌለበት፣ በወረቀት የተጠቀለለ ጥቁር ዱቄት ገዝታ፣ ከዳቦ ጋር ለውሳ አልጋ ሥር ልታስቀምጥ ነው። ቤት ውስጥ የሁለት ዓመት ልጅ አለ። "እህቴ፣ ዳቦውን ከመለወስሽ በፊት በጎን በኩል፣ ጠጋ ብለሽ አንድ ፎቶ ጨምሪልኝ" አልኳት።

በጎን የተነሳው ፎቶ ሁሉንም ነገረኝ። አፍንጫዋ ከታችኛው መንጋጋ አልፎ ወደ ፊት የሾለ፣ እንደ ትንሽ ኩምቢ ነው። የአይጥ አፍ እንዲህ አይረዝምም፤ የአይጠ መጎጥም ሆነ የቤት አይጥ አፍንጫ ሹል ቢመስልም ከአፉ ጋር አብሮ ያልቃል፣ ከሥሩም ሁለት ረጃጅም ቢጫ የፊት ጥርሶች ይታያሉ። የሹል አፍንጫዋ ጥርሶች ግን ብዙና እንደ መርፌ ጫፍ ትንንሽ ናቸው። ዓይኗም ከጎመን ዘር ብዙ አይበልጥም። የአይጥ ዓይን ፈጠጥ ያለ ጥቁር ዶቃ ነው፤ ፎቶው ደብዛዛ ቢሆን እንኳ ይታያል።

ቀጥሎ ጆሮዋን አየሁ። ትንሽ፣ ክብና ከራሷ ጋር ተጣብቆ ፀጉር ውስጥ ሊጠፋ የቀረበ ነው። የአይጦች ጆሮ ቆሞ ይታያል። ቤታችን ኮርኒስ ላይ የሚሮጠው አይጠ መጎጥ ጆሮው ቀጭንና ትልቅ ስለሆነ ወደ ፊት ቢታጠፍ ዓይኑ ጋ ይደርሳል። የቤት አይጥም ለራሷ መጠን ሰፋ ያለ ጆሮ አላት።

ጭራው የመጨረሻው ምስክር ነው። በዚያ ፎቶ ላይ ጭራው ከሰውነቷ በግልጽ ያጠረ፣ ሥሩ ላይ ወፈር ብሎ ወደ ጫፉ የሚቀጥን፣ እዚህም እዚያም ረጃጅም ነጠላ ፀጉሮች የቆሙበት ነበር። የአይጥ ጭራ ገላጣ የሚመስል፣ ቀለበት ቀለበት ያለው ነው። ኮርኒስ ላይ በሚኖረው አይጠ መጎጥ ጭራው ከራሱና ከሰውነቱ ተደምሮ ይረዝማል፤ ሰውነቱ ብቻውን ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። የቤት አይጥ ሰውነቷ ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ጭራዋም ያንኑ ያህል ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአይጠ መጎጥ ግልገል ነው፤ መጠኑ ከትልቅ የቤት አይጥ ጋር ይቀራረባል። የሚለየው የኋላ እግሩና ራሱ ለሰውነቱ የተጋነኑ መሆናቸው ነው፤ ጭራውም ወፍራም ነው። ለዚህ ነው አጠገቡ መጠኑ የሚታወቅ ነገር አድርጉ የምለው። እስክሪብቶ ወይም የክብሪት ቀፎ ይበቃል። ከላይ ቆሞ የተነሳ ፎቶ አፍንጫን ያሳጥራል፣ ስለዚህ ስልኩን ወለሉ ጋ ዝቅ አድርጋችሁ በጎን አንሱ። ካልለየላችሁ የፊት እግሯን አቅርባችሁ አንሱ፤ አይጥ የፊት እግሯ ላይ በግልጽ የሚቆጠሩት ጣቶች አራት ናቸው፣ የሹል አፍንጫዋ ግን አምስት። በባዶ እጅ አትንኩ፤ በፌስታል እጃችሁን ሸፍኑ ወይም በእንጨት ገልብጡ።

ፎቶ የማይነግረንም አለ። በደጋችን ከሜዳ ወደ ቤት የሚገቡ ሌሎች የአይጥ ዝርያዎች አሉ፤ ዝርያቸውን በስልክ ፎቶ መለየት አይቻልም። ለቤታችሁ ውሳኔ ግን "አይጥ ናት ወይስ አይደለችም" የሚለው ይበቃል። አንዲት ሹል አፍንጫ መገኘቷም ቤቱ ውስጥ አይጥ የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ እናትየው የጤፉን ማዳበሪያና የጎተራውን ሥር በባትሪ እንድታይ ጠየቅኳት። የተቀደደ ከረጢት የለም፣ ሩዝ የሚመስል ጥቁር ኩስም የለም። ከምድጃው ጀርባ ግን በረሮ ሞልቷል። እንስሳዋን የጠራት እሱ ነው።

መርዙን ያስቀረነው በዚህ ምክንያት ነው። ሹል አፍንጫዋ ዳቦ ፍለጋ አልመጣችም፤ የተለወሰውን ዳቦ ሊያገኘው የሚችለው ወለል ላይ የሚድኸው ልጅ ነው። ገበያ ላይ ከሚሸጡት ጥቁር ዱቄቶች አንዱ ዚንክ ፎስፋይድ ይባላል፤ ከሆድ አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፣ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ሌላው ዓይነት ደምን የሚያቀጥን ነው፤ ልጁ ለሁለት ሦስት ቀን ደህና መስሎ ቆይቶ ከድድ ወይም ከአፍንጫ ሊደማ ይችላል። ለዚህኛው ቫይታሚን ኬ አለ። ልጅ ቀመሰ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ አታስመልሱት፣ ወተትም ዘይትም አትስጡት፤ መርዙ የነበረበትን ወረቀት ይዛችሁ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ። ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ።

አይጥ ሆና ከተገኘች ደግሞ መጀመሪያ እህሉን ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ አድርጉ፣ ከዚያ ልጅ የማይደርስበት ግድግዳ ሥር የሽቦ ወጥመድ አጥምዱ። ወጥመዱን ለኮርኒሱ አይጥ ከላይ፣ ለቤት አይጥ ወለል ላይ ነው።

ንክሻ ካለ ሦስቱም ላይ የሚደረገው አንድ ነው፤ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ለቴታነስ ክትባት ጤና ጣቢያ መሄድ። በአይጥ ንክሻ የእብድ ውሻ በሽታ መያዝ እጅግ ያልተለመደ ነው፤ ያም ሆኖ የነከሰችውን ፎቶ አሳዩ፣ ውሳኔውን ባለሙያው ይስጥ። በቀጣዮቹ ሦስት ሳምንታት ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም ሽፍታ ከመጣ "አይጥ ነክሶት ነበር" ብላችሁ ራሳችሁ ንገሩ። ቁስሉ ድኖ ስለሚሆን ሐኪሙ ላያየው ይችላል።