በሀገር ቤት በድርብ፣ በባሕር ማዶ በመዝጊያ

በሀገራችን የቁር ጊዜ ልብስ የሚለየው በድርቡ ነው፤ ነጠላም ኩታም ጋቢም ከአንድ ዓይነት የጥጥ ፈትልና ከአንድ ሸማኔ እጅ ስለሚወጡ፣ በማለዳ ማኅሌት ለመቆም ወይም በለቅሶ ቤት ለማደር የሚሄድ ሰው የቱን እንደ ለበሰ ለማወቅ የእጥፉን ብዛት ከማየት በቀር ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ብርዱ ለሚብስበት የመንዝ ሰው ደግሞ ከበግ ጠጉር የተሠራው ባናና በርኖስ አለለት። ጋቢ ቁልፍም ዚፕም የለውም፤ መዝጊያው የለባሹ ክንድ ነው።

ወደ ሚኒሶታ የመጣ ሐበሻ ግን፣ በወርኃ ጥር ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስበት ሌሊት ብርቅ ባልሆነበት በዚህ አገር፣ ውፍረትንና ክብደትን ብቻ መመርመር የለመደ ዓይኑን ይዞ ወደ ልብስ መደብር ሲገባ፣ መልካቸው የተቀራረበ ግብራቸው ግን የተለያየ ካፖርቶች በአንድ መስቀያ ላይ ተሰልፈው ያገኛል። እነዚህን የሚለያቸው ርዝመታቸው፣ መዝጊያቸውና በውስጣቸው የተሞላው ነገር ነው።

ከእነዚህ ሦስቱን ለመለየት ብዙ አያደክምም። ቦምበር ወገብ ላይ የሚቀር፣ በዚፕ የሚዘጋ፣ አንገቱና የእጅጌው ጫፍ ታችኛው ዙሪያውም በሚለጠጥ ሹራብ የተያዘ ነው፤ ማጠሩም በጠባብ መቀመጫ ለሚውል አውሮፕላን ነጂ በመሠራቱ ነው። ፒኮት የመርከበኛ ልብስ ሲሆን፣ ዳሌ ድረስ ይወርዳል፣ ደረቱም በሁለት ረድፍ ትልልቅ ቁልፎች ተደራርቦ ይዘጋል፤ ሙቀቱም ከጥቅጥቁ የሱፍ ጨርቅ እንጂ ከሙሌት አይደለም። ደፍል ኮትም እንዲሁ ሱፍ ነው፤ ነገር ግን ወደ ጉልበት ይቀርባል፣ ቆብ አለው፣ በቁልፍ ፈንታም በገመድ ወይም በጠፍር ማነቆ ውስጥ የሚገባ የእንጨት ወይም የቀንድ እንክብል አለው፤ ይህም የሆነው ጓንት ያጠለቀ የባሕር ኃይል ሰው ጣቱን ሳያራቁት እንዲከፍተውና እንዲዘጋው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዙ ጄኔራል ሞንትጎመሪ ይለብሰው ስለ ነበር ዝናው ከመርከብ ወደ ከተማ ወጣ። ለለንደን ወይም ለዋሽንግተን እርጥብ ብርድ እኔ ከሌሎቹ ሁሉ እርሱን እመርጣለሁ፤ ለሚኒሶታ ጥር ግን አልመክረውም።

ዋናው ችግር ያለው በፓፈርና በፓርካ መካከል ነው። ሁለት ጥቁር ካፖርቶች ተሰቅለው አሉ እንበል፤ ሁለቱም ጉልበት ይደርሳሉ፣ ሁለቱም ቆብና ዚፕ አላቸው፣ የሁለቱም ሙሌት የዳክዬ ስስ ላባ ነው። እንግዲህ ርዝመትና ሙሌት ምስክርነታቸውን ከነፈጉን፣ የቀረው ስፌቱንና መዝጊያውን መመርመር ነው። የፓፈር ላባ በአንድ ስፍራ እንዳይከማች ልብሱ በአግድም ስፌት ወደ ብዙ ጓዳ ተከፋፍሏል፤ ኤዲ ባወር የተባለ አሜሪካዊ በ1940 ፓተንት ያገኘበት ካፖርትም ላባው በስፌት ተከፋፍሎ የተሠራ ነበር። ስፌቱን በሁለት ጣት ሲቆነጥጡት የላዩ ጨርቅና ገበሩ ያለ አንዳች ላባ የተገናኙ ከሆነ፣ በዚያ መስመር ብርዱ መግቢያ አግኝቷል ማለት ነው። ፓርካ፣ የዋልታ አካባቢ ሕዝቦች ከአጋዘንና ከባሕር እንስሳት ቆዳ ይሠሩት ከነበረው ልብስ የወረደ እንደ መሆኑ፣ ነፋስን ማገድ የመጀመሪያ ግብሩ ነው፤ ስለዚህ ላባው ከልሙጥና ጠንካራ ልባስ በታች ተሰውሮ ይቀመጣል፣ ዚፑንም ሌላ ከንፈር ይሸፍነዋል፣ የቆቡ ጠርዝም ብዙ ጊዜ ጠጉር አለው።

እናቴ ልትጠይቀን በመጣች ጊዜ የገዛንላትን ፓፈር በእጇ መዝና፣ «ይህማ ነፋስ ነው» ብላ ወደ ጋቢዋ ተመለሰች። ነገሩን ሳታውቀው በትክክል ተናግራለች፤ ላባ የሚያሞቀው በመካከሉ የያዘውን አየር ስለማያንቀሳቅስ ነውና። በመለያው ላይ 600 ወይም 800 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥርም አንድ አውንስ ላባ ስንት ኪዩቢክ ኢንች እንደሚሞላ ይናገራል እንጂ በልብሱ ውስጥ ስንት ላባ እንዳለ አይናገርም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ያለ ስስ ካፖርት ቁጥሩ ዝቅ ካለ ወፍራም ካፖርት ሊያንስ ይችላል። ላባ ሲረጥብ ግን ይጣበቃል፣ አየሩም ይወጣል፤ በዚህ ጊዜ ሰው ሠራሹ የፖሊስተር ሙሌት ይሻላል። ያገለገለ ልብስ የሚገዛ ሰው አንዱን ጓዳ በጡጫው ጨብጦ ይልቀቀው፤ ካልተነሣ ወይም እንደ ጓል የሚቋጥር ነገር ከዳሰሰ ይተወው።

ከሁለቱ ጥቁር ካፖርቶች፣ በመኪና ከቤት ወደ ሥራ ለሚመላለስ ፓፈሩ ይበቃዋል፤ ሌሊት ከፈረቃ ወጥቶ በአውቶቡስ ማቆሚያ ነፋስ ፊት የሚቆም ግን፣ ቢከብደውም ቢወደድበትም፣ ፓርካውን ይግዛ።